ጎንደር ተመልሼ የአሜሪካን የኋላ ታክስ እንዴት እንደጨረስኩ

ቨርጂኒያ ስሠራ በፈረንጆች የ2020፣ የ2021 እና የ2022ን ታክስ አልሞላሁም ነበር። ከደመወዜ ስለሚቆረጥ የጨረስኩ መስሎኝ ነው። ጎንደር ገብቼ የባለቤቴን የቪዛ ጉዳይ ስጀምር፣ መጀመሪያ የእነዚያን ዓመታት ሙላ ተባልኩ። በጣም ደነገጥኩ፤ የደመወዝ ወረቀቶቼን ሁሉ ጥዬ ነው የመጣሁት።

መፍትሔው 4506-T የሚባለው ፎርም ሆነ። በእሱ አሠሪዎች ለአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት ያስገቡትን የገቢ መዝገብ መጠየቅ ይቻላል። ፒያሳ አሳትሜ፣ ፈርሜ ላክሁት። መልሱ ብዙ ቆይቶ በፖስታ መጣ።

ከዚያ የየዓመቱን 1040 ፎርም ለየብቻ ሞላሁ። መጀመሪያ በአዲሱ ዓመት ፎርም ጀምሬ ነበር፤ አይሆንም። ተቀናሹም የታክስ ደረጃውም በየዓመቱ ይለያያል።

2021ን ላሳያችሁ። ገቢዬ 31,400 ዶላር፣ የተቆረጠብኝ 2,900 ነበር። ያኔ ላጤ ስለነበርኩ 12,550 ተቀነሰልኝ፤ ታክስ የሚሰላበት 18,850 ቀረ። በሠንጠረዡ ታክሱ 2,066 ነው። ስለዚህ 834 ዶላር ተመላሽ አለኝ እንጂ ዕዳ የለብኝም። በዘገየው ማቅረቢያ የሚመጣው ቅጣት ባልተከፈለ ታክስ ላይ ስለሚሰላ፣ እኔን አልነካኝም።

የሚያንገበግበኝ 2020 ነው። ተመላሽ የሚጠየቀው የዚያ ዓመት ታክስ መቅረብ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ3 ዓመት ውስጥ ስለሆነ ያ ገንዘብ ቀረ። የ2021ን ግን በ2025 የካቲት ላይ ላክሁና ደረሰልኝ። ሦስቱንም በተለያየ ፖስታ፣ በእስክሪብቶ ፈርሜ፣ ኮፒ አስቀርቼ ነው የላክሁት። የቪዛው ፋይል ውስጥ የገባው ያ ኮፒ ነው።