«በሩን ስከፍት መብራቱ በርቶ ነበር»፦ ከተሰጠ መነሻ ታሪክ ስትቀጥሉ የሚበላሹ ነገሮች

የቤት ሥራው አጭር ነው። መምህሩ አንድ መነሻ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። «ከዚህ ቀጥላችሁ አጭር ታሪክ ጻፉ፤ የኃላፊ ጊዜ ግሦችን በትክክል ተጠቀሙ» ይላል። የተማሪዎችን ደብተር ማረም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሐሳብ አጥቶ ባዶ ወረቀት የሚያስረክብ ተማሪ ብዙም አላጋጠመኝም። ታሪኩ በአብዛኛው የሚበላሸው ግሡ ላይ ነው። ምኑ ቀድሞ ምኑ እንደተከተለ ለአንባቢው ይጠፋበታል።

አንድ መነሻ ይዘን እንሂድ፦

«በሩን ስከፍት መብራቱ በርቶ ነበር።»

መነሻውን ሳያዳምጡ መጻፍ መጀመር

አምስት ቃል ብቻ ናት፤ ግን ብዙ ነገር ወስናለች። «ስከፍት» የሚለው ቃል ተራኪው «እኔ» መሆኑን ነግሮናል። «ነበር» ደግሞ ነገሩ ያለፈ መሆኑን ነግሮናል። ዋናው ግን ሦስተኛው ነው። መብራቱ የበራው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። እኔ ሳልኖር አንድ ሰው አብርቶታል።

ግሧን ብቻ ቀይሩና እዩት። «በሩን ስከፍት መብራቱ በራ» ብንል መብራቱ የበራው ከበሩ ጋር እኩል ነው። ምናልባት የጠፋው መብራት መጣ፤ ምናልባት ውስጥ ያለው ሰው ሰማኝ። ሌላ ታሪክ ነው። መነሻችን ግን «በርቶ ነበር» ነው ያለው። ስለዚህ አንባቢው ከአንደኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዟል፦ ማን አበራው?

አሁን ብዙ ደብተር ላይ የማገኘውን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። «ያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።» በሩ ላይ የቆመውን አንባቢ ጎትቶ ወደ አልጋው መለሰው። እስከ በሩ ድረስ እንደገና ለመምጣት አንድ ሙሉ ገጽ ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ «የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ሁለቱም መነሻውን እንደ ርዕስ ቆጥረው ታሪኩን ከዜሮ ጀምረዋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እዚያው በሩ ላይ መቆም አለበት።

ስለ ጠዋቱ መናገር የግድ ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጠዋት ስወጣ በእጄ አጥፍቼው ነበር።» ይህች ወደ ኋላ ብትመለስም ጥያቄውን ታከብደዋለች።

ሁሉንም ነገር በ«ነበር» መዝጋት

ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰው ይህ ነው። «የኃላፊ ጊዜ ተጠቀሙ» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚገባው «እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በነበር ይለቅ» የሚል ነው። ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

«ወደ ውስጥ ገብቼ ነበር። ቦርሳዬን አስቀምጬ ነበር። ድምፅ ሰምቼ ነበር። በጣም ደንግጬ ነበር።»

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማችኋል። ለምን? ሰው «ደውዬልህ ነበር» ሲላችሁ ምን ትጠብቃላችሁ? «ግን አላነሳህም» የሚለውን። «ልነግርሽ መጥቼ ነበር» ሲባልስ? «ግን አልነበርሽም» የሚለውን። ይህ ቅርጽ፣ ሰዋስው ላይ ሩቅ ኃላፊ የሚባለው፣ ብቻውን አይቆምም። ዓይኑ ሁልጊዜ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሌላ ድርጊት ላይ ነው። ተማሪው አራት ጊዜ «ቆይ፣ ልነግርህ ነው» አለና ምንም ሳይነግረን ቀረ።

ታሪክን ወደፊት የሚገፋው ተራው ኃላፊ ነው፦ «ገባሁ። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ድምፅ ሰማሁ። ደነገጥኩ።» አንዱ ግሥ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል። አንባቢው «ከዚያስ?» ይላል፤ ቀጣዩ ግሥ ይመልስለታል።

ታዲያ «ነበር» የት ይግባ? ታሪኩ እየሄደ ሳለ ዞር ብለን የምናየው ነገር ሲኖር ነው። ሦስት ቦታ ላይ በጣም ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ታሪኩ ከደረሰበት ሰዓት ቀድሞ ላለቀ ነገር፦ «ወንድሜ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ነበር።» ሁለተኛ፣ ሌላው ነገር ሲደርስ በመካሄድ ላይ ለነበረ ድርጊት፦ «ስገባ እየጻፈ ነበር።» ሦስተኛ፣ ለድሮ ልማድ፦ «ማታ ማታ ይጽፍ ነበር።»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። «ይጽፍ ነበር» አንዳንዴ «በዚያ ሰዓት እየጻፈ ነበር» ማለትም ይሆናል። «ስገባ ይጽፍ ነበር» ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በገባችሁ ቁጥር? አንባቢው ያመነታል። ያችን አንድ ቅጽበት ማለታችሁ ከሆነ «እየ» ጨምሩበት። ልማድ ከሆነ «ማታ ማታ»፣ «ልጅ እያለን» የሚል ምልክት ስጡ።

አሉታው ላይም የሚሳሳት አለ። «አውልቆ ነበር» የሚለው ሲፈርስ «አላወለቀም ነበር» ነው። «ሳያወልቅ ነበር» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት አያስኬድም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ እርሳስ አንሡና «ነበር» በሚለው ቃል ሁሉ ላይ ክበብ አድርጉ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ቀድሞ ያለቀ ነው፣ በመካሄድ ላይ ያለ ነው፣ ልማድ ነው ወይስ እንዲያው የነበረ ሁኔታ? አንዱንም ካልሆነ ቀጥሎ የተፈጸመ ድርጊት ነው። «ነበር»ን ሰርዙና ተራውን ኃላፊ ተኩበት።

መሀል ላይ ወደ አሁን መንሸራተት

«ገባሁ። ወንድሜ ወንበር ላይ ተኝቷል። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ጫማውን አላወለቀም። ልጠራው አስብና እተወዋለሁ።»

«ተኝቷል» ማለት አሁን፣ እኔ ስናገር፣ ተኝቶ ነው ያለው ማለት ነው። «ተጠጋሁ» ግን ያለፈ ነው። አንባቢው አንዴ እዚያ፣ አንዴ እዚህ ይሆናል። በአፍ ተረት የሚያወራ ሰው ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ወደ አሁን ይገባል፤ ያምርበታልም። እሱ ግን ከገባ በኋላ እዚያው ይቆያል። ስህተቱ በየዓረፍተ ነገሩ መዝለሉ ነው። ለቤት ሥራ በመነሻው ጊዜ መጽናት ይሻላል፦ «ተኝቶ ነበር»፣ «አላወለቀም ነበር»፣ «ተውኩት»።

ጥቅስ ውስጥ ያለ ንግግር ግን አይነካም። ሰውየው በዚያ ሰዓት ያለው «መጥቻለሁ» ከሆነ «መጥቻለሁ» ብላችሁ ጻፉት። ታሪኩ ያለፈ ስለሆነ ብላችሁ «መጥቼ ነበር» ካላችሁት ሌላ ነገር አስባላችሁት።

ትልቁን ነገር በነጠላ ሰረዝ ሥር መቅበር

ይህን የጻፈው ጎበዝ ተማሪ ነበር፦

«ወደ ውስጥ ገብቼ፣ ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ ወደ ሳሎን አልፌ፣ ለሁለት ዓመት ያላየሁትን ወንድሜን ተኝቶ አይቼ፣ ደንግጬ ውሃ ጠጣሁ።»

ሰዋስው ላይ ምንም ጥፋት የለበትም። ገብቼ፣ አስቀምጬ፣ አይቼ፦ ቦዝ አንቀጽ ናቸው፤ እየተቀጣጠሉ እስከ ማሰሪያው ይሄዳሉ። ግን ማሰሪያውን ያገኘው ማን ነው? ውሃው። ለሁለት ዓመት የጠፋ ወንድም ቦርሳ ከማስቀመጥ እኩል በነጠላ ሰረዝ ታለፈ። ተማሪውን ሳነጋግረው ታሪኩ ሁሉ ስለ ወንድሙ እንደሆነ ነገረኝ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ውሃ ነው።

ቦዝ አንቀጽ ቶሎ ለሚታለፉ ነገሮች ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ሲሆን ይበቃዋል። ልብ የሚመታበት ድርጊት ግን የራሱ ማሰሪያ፣ የራሱ አራት ነጥብ ይገባዋል። አጭር ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጎላል።

ቅደም ተከተሉንም ጠብቁ። ቦዙ አብዛኛውን ጊዜ ከማሰሪያው ይቀድማል። «በሩን ዘግቼ ገባሁ» ያለ ተማሪ መጀመሪያ ዘግቶ ከዚያ ሊገባ ነው። «ገብቼ በሩን ዘጋሁ» ማለቱ ነበር።

መነሻውን ረስቶ መጨረስ

«ከዚያ ነቃሁ፤ ለካ ሕልም ነበር» የሚለውን ተዉት። አንባቢው «ማን አበራው?» ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ «ማንም» ይባላል። ምክር እየሰጡ መዝጋትም እንደዚያው ነው። መጨረሻውን ስታስቡ ወደ መነሻው ዕቃ ተመለሱ። የእኛ ዕቃ መብራት ነው። ማን እንዳበራው ከታወቀ በኋላ «ለምን አበራው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይቀራል። እኔ እሱን የምመልሰው በልማድ ግሥ ነው፤ «አይተኛም ነበር» የሚለው ላይ ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

«በሩን ስከፍት መብራቱ በርቶ ነበር። ጠዋት ስወጣ በእጄ አጥፍቼው ነበር። ደፉ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ከውስጥ የሰው ትንፋሽ እየተሰማ ነበር።

የቤቱ ቁልፍ ሁለት ብቻ ነበር። አንዱ እጄ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ተጣልተን ሲወጣ ይዞት ሄዶ ነበር።

ቦርሳዬን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ገባሁ።

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ጫማውን አላወለቀም ነበር። ቁልፉን በእጁ ጨብጦት ነበር። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ተውኩት።

ልጅ እያለን መብራት ካልበራ አይተኛም ነበር። ብርድ ልብስ አመጣሁና አለበስኩት። መብራቱን አላጠፋሁትም።»