የጥር ባር ሌሎቹን ሲውጣቸው

የጎንደር እንግዳ ማረፊያ ወርሃዊ ገቢን በባር ቻርት ስታወጡ የጥምቀቱ ወር ጥር ብቻውን ጣሪያ ይነካል። ጥር 900 ሺህ ብር፣ ሌሎቹ ወሮች ከ40 እስከ 70 ሺህ ናቸው እንበል። የግንቦትና የሰኔ ልዩነት ጨርሶ አይታይም።

ብዙ ሰው ቋሚውን መስመር መሃል ላይ ይቆርጠዋል። እኔ ብዙም አልወደውም። ባር የሚነበበው በርዝመቱ ነው፤ ሲቆረጥ የ15 እጥፍ ልዩነት 2 እጥፍ ይመስላል። የግድ ከሆነ መቆረጡን የሚያሳየው የዚግዛግ ምልክት ይታይ፣ ባሩም ላይ 900 ሺህ ብላችሁ ጻፉ።

የሚሻለው ሁለት ቻርት ነው። ኤክሴል ላይ ቻርቱን ኮፒ አድርጋችሁ ከስር ለጥፉት። የላይኛው ሁሉንም ወር ያሳይ። በታችኛው Chart Filters ውስጥ ከጥር ላይ ምልክቱን አንሱና Apply በሉ፤ ስኬሉ ራሱ ይስተካከላል። ረድፉን ግን አትደብቁ፣ ጥር ከሁለቱም ይጠፋል። ከታችኛው ርዕስ ስር «ጥር የለም፣ ስኬሉም የተለየ ነው» በሉ።