የቻርጀሩ ራስ መኪናዎ ላይ አልገባ ሲል፦ መሰኪያውን መለየትና ትክክለኛውን አዳፕተር መምረጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከጎርጎርዮሳዊው 2024 መጀመሪያ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች መሰኪያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ታይፕ 2 እና ሲሲኤስ2። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አንደኛው ቻርጅ ሲያደርግ ሌላው ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ችግሩ የቅርጽ ብቻ ይመስለውና ገበያ ላይ ያገኘውን አዳፕተር ገዝቶ ይሄዳል። አንዳንዱ አዳፕተር ይሠራል፣ አንዳንዱ ፈጽሞ አይሠራም፣ አንዳንዱ ደግሞ አደጋ አለው። ልዩነቱን ለማወቅ የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው።

1. የመኪናውን ክዳን ከፍተው ይቁጠሩ

መኪናው የመጣበትን አገር አይመኑ። ከዱባይ የገዙት መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራና በዚያ በኩል ብቻ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው መሰኪያው ራሱ ነው።

ክዳኑን ሲከፍቱ ክብ ሆኖ ከላይ ጠፍጠፍ ያለ፣ ሰባት መገናኛ ያለው መሰኪያ ካዩ ይህ የኤሲ፣ ማለትም የዘገምተኛው ቻርጅ፣ መሰኪያ ነው። ግን የማን? ታይፕ 2ም ጂቢቲም ሰባት መገናኛ አላቸው፣ ከሩቅ ሲታዩም መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ ጠጋ ብለው በስልክዎ መብራት ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ መሐል ብረት ቆሞ ከታየ መኪናው ወንዴ ነው፤ ይህ ታይፕ 2 ነው። ሰባት የፕላስቲክ ቱቦዎች ወደ ውጭ ወጥተው ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ ካላቸው መኪናው ሴቴ ነው፤ ይህ ጂቢቲ ነው። የታይፕ 2 ኬብል ራስ ደግሞ ራሱ ሴቴ ስለሆነ ሴቴ በሴቴ ላይ ይመጣና አይገባም። ገፍተው አያስገድዱት፤ የሚሰበረው ያ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ እሱ ከተሰበረ የመኪናው መሰኪያ በሙሉ ይቀየራል።

ቀጥሎ ዲሲውን ይፈልጉ። ፈጣን ቻርጅ የሚገባው በዚህ ነው። ከሰባቱ በታች ሁለት ትልልቅ መገናኛዎች ተያይዘው ካሉ መኪናው ሲሲኤስ2 ነው። ለብቻው የቆመ፣ ትልቅ ክብ፣ ዘጠኝ መገናኛ ያለው ሌላ መሰኪያ ካለ የጂቢቲ ዲሲ ነው። በአንዳንድ የቻይና መኪና የኤሲውና የዲሲው መሰኪያ በሁለት የተለያዩ ክዳኖች ሥር ስለሚገኙ አንዱን አይተው ሌላው የለም ብለው አይደምድሙ። ሰባቱ ብቻ ኖረው ዲሲ ከሌለ ግን መኪናው ፈጣን ቻርጅ አይወስድም፤ ይህን የሚቀይር አዳፕተር የለም።

አሮጌ ኒሳን ሊፍ ያላቸው ሰዎች ከዚህ የተለየ ነገር ያያሉ፤ አምስት መገናኛ ያለው ታይፕ 1 የሚባል የኤሲ መሰኪያ እና ከጎኑ ቻደሞ የሚባል ትልቅ የዲሲ መሰኪያ። ከአሜሪካ የመጣ ቴስላ ደግሞ የራሱ ትንሽ መሰኪያ አለው።

2. ጣቢያው የያዘውን ይዩ

ጣቢያው ስክሪን ላይ GB/T ወይም CCS2 ተብሎ ይነበባል። ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ፣ ከዚያም የኬብሉን ራስ ከመስቀያው አውርደው ከመኪናው ጋር ያስተያዩ። ኤሲ ጣቢያ ከሆነ ሌላም ነገር ያረጋግጡ፦ ኬብሉ ከሳጥኑ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ሳጥኑ ላይ ሶኬት ብቻ ነው ያለው? ሶኬት ብቻ ካለ አዳፕተር አያስፈልግዎትም። አንድ ጫፉ ታይፕ 2፣ ሌላው ጫፉ ጂቢቲ የሆነ ኬብል ይበቃል፣ እሱም ከአዳፕተር የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም የሚሞቅበት መገጣጠሚያ በአንድ ይቀንሳል።

3. ለኤሲ አዳፕተር

በኤሲ ቻርጅ ጊዜ ጣቢያው የሚያደርገው ትንሽ ነው። መብራቱን ይሰጣል፣ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ደግሞ ስንት አምፔር መውሰድ እንደሚቻል ለመኪናው ይነግረዋል። ወደ ዲሲ የሚቀይረው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ነው። ይህ ምልክት በታይፕ 2ና በጂቢቲ በጣም ስለሚቀራረብ፣ የኤሲ አዳፕተር በውስጡ ሽቦና አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ብቻ ያለው ቀላል ዕቃ ነው። ሬዚስተሯ ለመኪናው «ኬብል ተሰክቷል፣ ይህን ያህል አምፔር ይችላል» ትለዋለች።

ሲገዙ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ አቅጣጫው፦ ከታይፕ 2 ወደ ጂቢቲና ከጂቢቲ ወደ ታይፕ 2 ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፣ ገልብጦ መጠቀም አይቻልም። ሁለተኛ አምፔሩ፦ 32 አምፔር የተጻፈበትን ይውሰዱ። 16 አምፔር ተጽፎበት 32 የሚሄድበት አዳፕተር መጀመሪያ ይሠራል፣ በኋላ ግን መገናኛው ይቀልጣል። አዲስ አዳፕተር ሲጠቀሙ ከ20 ደቂቃ በኋላ በእጅዎ ይያዙት። ለብ ማለቱ ጤነኛ ነው፤ እጅዎ ላይ ማቆየት ካልቻሉ ቻርጁን ያቁሙት።

የኤሲ ቻርጅ ዘገምተኛነት የአዳፕተሩ ጥፋት እንዳይመስልዎ። 220 ቮልትን በ32 አምፔር ሲያባዙ 7 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል፣ ብዙ የቻይና መኪኖች ውስጥ ያለው ቻርጀርም የሚወስደው ይህን ያህል ነው። ጣቢያው 22 ኪሎዋት ቢባልም ያ በሦስት ፌዝ ነው፤ አንድ ፌዝ ብቻ የሚወስድ መኪና ከዚያም ላይ 7ቱን ብቻ ይወስዳል።

4. ለዲሲ አዳፕተር፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

በዲሲ ቻርጅ ጊዜ ጣቢያው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ጣቢያውና መኪናው ከመጀመራቸው በፊት ብዙ ይነጋገራሉ፦ የባትሪው ቮልት ስንት ነው፣ ስንት አምፔር ይፈልጋል፣ መቼ ይቁም። ሲሲኤስ2 ይህን የሚያደርገው በዚያችው ቀጭን የምልክት ሽቦ ላይ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጭኖ ነው። ጂቢቲ ደግሞ ለብቻቸው በተመደቡ ሁለት ሽቦዎች፣ ካን በሚባል ሥርዓት ይነጋገራል። ሁለቱ አይግባቡም። ሽቦን ከሽቦ የሚያገናኝ ባዶ አዳፕተር እዚህ ምንም አይጠቅምም፤ በመሐል ቆሞ የሚተረጉም ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ «እኛ እኮ የፎርዱን መኪና በትንሽ አዳፕተር በቴስላ ጣቢያ ነው ቻርጅ የምናደርገው» ቢሉዎት እውነታቸውን ነው። እዚያ የቴስላው ጣቢያና ሲሲኤስ1 የሚባለውን የአሜሪካ መሰኪያ የያዘው መኪና በአንድ ሥርዓት ስለሚነጋገሩ ቅርጹን መቀየር ይበቃል። ከሲሲኤስ2 ወደ ጂቢቲ ግን ያ አይሆንም።

ሌላም ልዩነት አለ። የጂቢቲ ጣቢያ ከዋናው ኃይል ጎን ለጎን 12 ቮልት ወደ መኪናው ይልካል፤ የባትሪውን መቆጣጠሪያ የሚቀሰቅሰው ይህ ነው። የሲሲኤስ2 ጣቢያ ይህን አይልክም። ስለዚህ አዳፕተሩ 12 ቮልቱን ራሱ መስጠት አለበት፣ ለዚህም በሆዱ ትንሽ ባትሪ ይይዛል። ለወራት ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ አዳፕተር ጣቢያ ላይ ሲደርሱ ዝም የሚለው ብዙውን ጊዜ ያ ባትሪ ስላለቀ ነው። በወር አንድ ጊዜ በዩኤስቢ ይሙሉት።

አሰካኩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ አዳፕተሩን መጀመሪያ ከጣቢያው ራስ ጋር ያጋጥሙ፣ ያብሩት፣ ከዚያ እስኪቀጭ ድረስ መኪናው ላይ ይሰኩት፣ የአዳፕተሩ መብራት ዝግጁ መሆኑን ሲያሳይ ጣቢያው ላይ ያስጀምሩ። ቅደም ተከተሉ በአምራቹ ስለሚለያይ ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት አይጣሉት። ያለ መቆለፊያ የሚሸጥ የዲሲ አዳፕተር በምንም ዋጋ አይግዙ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት እየሄደ አንድ ሰው ራሱን ቢነቅለው እሳት ይፈጠራል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ ጂቢቲ የሆነ መኪና 20 በመቶ ላይ ሆኖ 120 ኪሎዋት ሲሲኤስ2 ጣቢያ ደረሰ እንበል። እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። አዳፕተሩ ላይ 200 አምፔር ተጽፏል፣ ባትሪው 350 ቮልት ገደማ ነው። ሁለቱን ሲያባዙ 70 ኪሎዋት ይመጣል፤ ጣቢያው 120 ቢሆንም ከዚህ በላይ አይገባም። ባትሪው ሲሞላ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ በአማካይ 45 ኪሎዋት ቢወስድ 48 ደቂቃ ይፈጃል። ያው መኪና በኤሲ አዳፕተር በ7 ኪሎዋት ቢሞላ፣ በመቀየር የሚባክነው ሲታከል፣ ስድስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ሌሊቱን ቤት ለሚያድር መኪና የኤሲው አዳፕተር ይበቃል፤ ውዱ የዲሲ አዳፕተር የሚያዋጣው ረጅም መንገድ ለሚሄድ ወይም ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ነው።

ገብቶ ካልሠራ

ራሱ ገብቶ ቻርጁ ካልጀመረ መጀመሪያ ነቅለው፣ መገናኛው ላይ አቧራ ወይም ውሃ አለመኖሩን አይተው፣ በደንብ ገፍተው ይሰኩት። የጂቢቲ ራስ ላይኛው መንጠቆ ካልቀጨ መኪናው እንዳልተሰካ ይቆጥረዋል። ኤሲ ላይ መኪናው ኬብል መሰካቱን አሳይቶ ኃይል ካልወሰደ የጣቢያውን ኧርዝ ይጠራጠሩ፤ ብዙ መኪኖች ኧርዝ ከሌለ አይቀበሉም፣ አለመቀበላቸውም ልክ ነው። ዲሲ ላይ ጣቢያው ለጥቂት ሰከንድ ሞክሮ ስህተት ካሳየ የአዳፕተሩ ሶፍትዌር ከጣቢያው ጋር አልተግባባም ማለት ሊሆን ይችላል። እዚያው ከመታገል ሌላ አምራች የሠራው ጣቢያ ላይ ይሞክሩት። እዚያ ከሠራ አዳፕተሩ ደህና ነው፤ ከሻጩ አዲሱን ሶፍትዌር በፍላሽ ያስጭኑ። ሁለት አዳፕተር አንዱን በአንዱ ላይ አይቀጥሉ።

ቻርጁ አልቆ አዳፕተሩ አልነቀል ካለ አይጎትቱት። በጣቢያው ስክሪን መቆሙን ያረጋግጡ፣ መኪናውን በቁልፉ ቆልፈው እንደገና ይክፈቱ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ቮልቱ እስኪወርድ ድረስ መቆለፊያው ሆን ብሎ ይይዘዋል። ከዚያም ካልለቀቀ ብዙ መኪኖች በሻንጣው በኩል፣ ከመሰኪያው ጀርባ፣ በእጅ የሚሳብ ገመድ አላቸው። ገመዱ የት እንዳለ ጣቢያ ላይ ሆነው በጨለማ ከሚፈልጉ ዛሬ ቤትዎ ሆነው አይተው ይወቁት፤ የሚሳበውም ቻርጁ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።