የሴንን የረሃብ መጽሐፍ ስንገመግም የምንሳሳታቸው ነገሮች

የፖለቲካል ኢኮኖሚ ተማሪዎች የሚጽፏቸውን የመጽሐፍ ግምገማዎች ማረም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ እጄ የሚገባው መጽሐፍ የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ የጻፈው ጥናት ነው። ምክንያቱ አይገርምም፤ መጽሐፉ አጭር ነው፣ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፣ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልሟል። ስህተቶቹም ስለሚደጋገሙ እዚሁ መጽሐፍ ላይ ላሳያቸው።

ምዕራፍ በምዕራፍ መተረክ

ግምገማው እንዲህ ይጀምራል፦ «መጀመሪያ ስለ ድህነት ትርጉም ያትታል፣ ቀጥሎ ወደ ቤንጋል ይሄዳል፣ ከዚያ ኢትዮጵያ፣ ሳህል፣ በመጨረሻም ባንግላዴሽ።» ይህ ማውጫ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ቢገልጥ ራሱ ያገኘዋል።

መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፤ ደራሲው የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ሴን የሚሞግተው ረሃብን «አዝመራው ስለጠፋ ምግብ አለቀ፣ ምግብ ስላለቀም ሰው ሞተ» ብሎ የሚያስረዳውን አመለካከት ነው። የእሱ መልስ፣ ሰው የሚራበው አገሩ ውስጥ ምግብ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ያለውን ምግብ በሕጋዊ መንገድ እጁ የሚያስገባበት መንገድ ሲዘጋበትም ይራባል የሚል ነው። መንገዶቹ ጥቂት ናቸው፦ አምርቶ መብላት፣ ሸጦ መግዛት፣ ጉልበቱን አከራይቶ መግዛት፣ ወይም ከመንግሥት መቀበል። ሴን እነዚህን በአንድ ላይ «ኢንታይትልመንት» ይላቸዋል፤ እኔ በአማርኛ «የማግኘት መብት» እያልኩ እቀጥላለሁ። ተከራካሪው ከታወቀ ምዕራፎቹ በራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ አራቱም ረሃቦች ለዚሁ ሙግት የቀረቡ ምስክሮች ናቸው።

ያላለውን ማስባል

«ሴን ረሃብ ከምግብ እጥረት ጋር አይገናኝም ይላል።» አላለም። እጥረት ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ገና ከመነሻው ይናገራል። የሚክደው እጥረትን ብቸኛ ወይም ሁልጊዜ አስፈላጊ ምክንያት አድርጎ መውሰድን ነው። «ዴሞክራሲ ባለበት አገር ረሃብ አይከሰትም» የሚለውንም የዚህ መጽሐፍ ሙግት አድርገው የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው። ሴን ያንን ያዳበረው ከዚህ በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች ነው። ደራሲውን ከሌላ ሥራው ጋር ማገናኘት ነውር የለውም፤ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ካልተለየ ግምገማው ባልቀረበ ሙግት ላይ ይፈርዳል።

ማዕቀፉንና ግኝቱን ማደባለቅ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ በሳል ጸሐፊዎችም ይወድቁበታል። እኔም ወድቄበታለሁ።

መጽሐፉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ማዕቀፍ ነው፤ ረሃብን በማግኘት መብት በኩል እንየው ይላል። ሁለተኛው ግኝት ነው፤ በእነዚህ ረሃቦች ዋናው ምክንያት ጠቅላላ የምግብ መቀነስ አልነበረም ይላል። አሁን አንድ የወሎ ገበሬ አስቡ። ዝናብ ጠፋ፣ ማሳው ደረቀ፣ የሚበላው አጣ። በሴን አገላለጽ ይህ ሰው አምርቶ የማግኘት መብቱ ነው የወደቀው። በተለመደው አገላለጽ ደግሞ አዝመራው ጠፍቶበት ተራበ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ማዕቀፉ ሰፊ ስለሆነ ድርቅም፣ የዋጋ ንረትም፣ ሥራ ማጣትም ሁሉም ውስጡ ይገባሉ። እንግዲህ «ገበሬው የማግኘት መብቱን አጥቶ ነው የሞተው» ማለት በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ከትርጉሙ የሚከተል ነው።

ስለዚህ ተማሪዬ «የወሎ ማስረጃ የሴንን ንድፈ ሐሳብ ያረጋግጣል» ብሎ ሲጽፍ «የትኛውን?» ብዬ ዳር ላይ አሰፍራለሁ። ማዕቀፉ የሚመዘነው በጠቃሚነቱ ነው፤ ሳናየው የምናልፈውን ነገር አሳየን ወይ? ግኝቱ ግን የሚመዘነው በአሃዝ ነው፤ አሃዙ ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር ወይ? ግምገማው ሁለቱን ለየብቻ ካልፈረደባቸው ማስረጃውን አልመዘነም።

ሰንጠረዡን እንዳለ መቀበል

«ደራሲው ሐሳቡን በበቂ አሃዝ ያስደግፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ የትኛው አሃዝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መልስ የለም። በኢትዮጵያው ምዕራፍ ያለውን የደሴን የእህል ዋጋ እንከተል።

ምዕራፉ ረሃቡን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ በዋናነት የወሎው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ክረምቱ ደካማ ሆነ፣ በ1973 መጀመሪያ ደግሞ በልጉ ቀረ። ሌላው ቆይቶ የመጣው የሐረርጌው ነው። ሴን በአገር ደረጃ የምግብ ምርቱ የቀነሰው በመጠኑ ብቻ ነው ይላል። ወሎ ውስጥ ምርቱ ክፉኛ መውደቁን አይክድም። ቀጥሎ ግን ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልተሰቀለም፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ እንደነበር መረጃ አለ ይላል። ድምዳሜው፦ አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠውም ስለሌለው ገበያ የሚወጣበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ፈላጊው ሲጠፋ እህል ሌላ ቦታ ወደሚገዛው ሰው ሄደ።

ድምዳሜው ውብ ነው። ግን ሁለት ነገር እንጠይቅ። ደሴ የት ናት? ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ። እዚያ ያለው ዋጋ ከወሎ ገጠር ይልቅ ከአዲስ አበባ ገበያ ጋር ሊተሳሰር ይችላል፤ የጭነት መኪና በቀላሉ ይደርሳልና። ከዋናው መንገድ በእግር ሁለትና ሦስት ቀን በሚርቅ፣ እህል በበቅሎና በአህያ በሚጓጓዝበት ደጋ ዋጋው ምን ነበር? የደሴው ሰንጠረዥ ይህን አይመልስም። ዋጋው እዚያ ሰማይ ነክቶ ከነበረ «ምግብ ነበረ፣ ገንዘብ ነው የጠፋው» የሚለው ድምዳሜ ይሳሳል፤ ችግሩ የመጓጓዣም የአቅርቦትም ይሆናልና። ሴን መንገዱ መኖሩን ጠቅሶ የመጓጓዣ ችግር ነው የሚለውን ማብራሪያ አይቀበልም። ተቺዎች ግን መንገዱ የሚያገለግለው ዳር ዳሩን ነው ብለው መልሰዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ተራቢዎቹ እነማን እንደነበሩ የሚነግረን መረጃ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከመጠለያዎችና እነሱን ካዩ ሰዎች ዘገባ። ወደ መጠለያ የደረሰው መራመድ የቻለው ነው። እቤቱ የቀረው አይቆጠርም።

ይህ ማለት ምዕራፉ ወደቀ ማለት አይደለም። የአርብቶ አደሩ ክፍል ላይ ማስረጃው በጣም ይጠነክራል። አርብቶ አደር በክፉ ቀን ከብቱን ሸጦ እህል ይገዛል፤ ለተመሳሳይ ገንዘብ እህል ከሥጋ የበለጠ ጉልበት ስለሚሰጥ። ድርቁ መንጋውን ሲፈጀው የተረፈው ከብት ዋጋም ከእህል አንጻር ወረደ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተመታ። በሐረርጌ የተሰበሰበው የከብትና የእህል ዋጋ ንጽጽር በቀጥታ ይህንኑ ይለካል፤ በሙግቱና በአሃዙ መካከል ብዙ ርቀት የለም። በአዋሽ ሸለቆ የንግድ እርሻ የአፋሮችን የክፉ ቀን ግጦሽ መውሰዱም ከዝናብ ውጭ ያለ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ «ማስረጃው ጠንካራ ነው» ወይም «ደካማ ነው» የሚል አይሆንም። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ ለአርብቶ አደሩ ያሳምናል፤ ለወሎ ገበሬ ግን የአዝመራው መጥፋት ብቻውን አብዛኛውን ሊያስረዳ ስለሚችል፣ የአንድ ከተማ ዋጋ ሙግቱን ለብቻው ሊሸከመው አይችልም። ለተማሪዎቼ አንድ ወረቀት በሦስት አምድ እንዲያሰምሩ እነግራቸዋለሁ፦ ደራሲው ምን አለ፣ አሃዙ ምን ይለካል፣ በሁለቱ መካከል ምን ክፍተት አለ። ሦስተኛው አምድ ባዶ ከሆነ ግምገማው ገና አልተጀመረም።

የማነጻጸሪያ ዓመቱን አለመጠየቅ

ቤንጋል ላይ ሴን የእ.ኤ.አ. 1943ቱ የምግብ አቅርቦት ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ በ5 በመቶ ያህል ብቻ ያነሰ፣ ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ደግሞ በ13 በመቶ የበለጠ እንደነበር ያሰላል። ሁሉም ተማሪ ይህንን ይጠቅሳል። ጥቂቱ ብቻ 1941 ራሱ አቅርቦቱ ዝቅተኛ የነበረበት ዓመት መሆኑን ያስተውላል። ንጽጽሩ ስህተት አይደለም፤ ባነሰ ምግብ ረሃብ ካልነበረ በበለጠው ለምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ይቆማል። ሆኖም ካለፈው ዓመት የተረፈ ክምችት መኖር አለመኖሩ መልሱን ሊለውጥ ይችላል። የአዝመራ ግምቱም በቅኝ ግዛት ሹማምንት የተሰበሰበ ነው፤ የስህተት ህዳጉ ከ5 በመቶ ቢበልጥ ማንም አይደነቅም። ከሴን ተቺዎች አንዱ የሆነው ፒተር ቦውብሪክ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞገተው በዚሁ በአሃዞቹ አያያዝ ነበር።

የደራሲውን ኑዛዜ እንደ ግኝት ማቅረብ

«ሴን ዝርፊያን ከግምት አላስገባም» ተብሎ በድል ስሜት ይጻፋል። ሴን ራሱ ሕግ ጥሶ ምግብ መንጠቅ ከማዕቀፉ ውጭ እንደሚቀር፣ ብዙ ሰው የሚሞተው በወረርሽኝ መሆኑንም ጽፎታል። ቢያንስ «ራሱ ያምናል፤ ይሁንና ጦርነት ባለበት ረሃብ ይህ ክፍተት ጥቂት አይደለም» ተብሎ ቢጻፍ ሙግት ይሆናል።

ዘመን አቆጣጠር

ይህ የእኛ ብቻ ስህተት ነው። የ1965 አዝመራ ስንል መስከረም 1965 የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1972 ነው፤ መኸሩ በ1972 መጨረሻ ይሰበሰባል፣ በልጉ ግን በ1973 ነው። ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ በጅምላ መቀየር ክረምቱንና በልጉን ወደተሳሳተ ዓመት ይወስዳል። እኔ የመጀመሪያ ግምገማዬን ያሳተምኩ ጊዜ ጭራሽ እ.ኤ.አ. ሳልል «በ1973 ወሎ ላይ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሽማግሌ ደውለው «ልጄ፣ በ1973 እኮ ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር፤ ንጉሡ ከሞቱም ቆይተዋል። አንተ የምትለው የትኛውን ረሃብ ነው?» አሉኝ።