የድብልቅ እህል ትርፍ ሲጎድል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ምልክት፦ 20 በመቶ አተርፋለሁ ብላችሁ ዋጋ ቆርጣችኋል። እህሉ አልቆ ገንዘቡ ሲቆጠር ትርፉ 11 በመቶ ሆነ።

ሰው መጀመሪያ ሚዛኑን ይጠረጥራል። ቀጥሎ ሻጩን ልጅ ይጠረጥራል። ሚዛኑን ፈትሻችሁ ደረሰኞቹን አሟልታችኋል ብዬ ልቀጥል። እኔ ካየኋቸው ደብተሮች በአብዛኞቹ ጥፋቱ ያለው አንድ መስመር ላይ ነው፤ የተቀላቀሉት የሁለቱ ደረጃዎች መግዣ ዋጋ ተደምሮ ለሁለት ተካፍሏል።

አንዲት የማውቃት ነጋዴ ደብተሯን ይዛ መጣች። አንደኛ ደረጃውን በኪሎ 90 ብር፣ ሁለተኛ ደረጃውን በ60 ብር ገዝታለች። ደብተሯ ላይ 90 ሲደመር 60፣ ለሁለት ሲካፈል 75 ይላል። ከሥሩ 20 በመቶ ጨምራ 90 ብር ጽፋ ሁለቴ አስምራበታለች። የስንቱን ኪሎ ከስንቱ ጋር እንደቀላቀለች ስጠይቃት ግን ገጹ ላይ የለም። ፈልገን አገኘነው፤ 140 ኪሎ አንደኛ ደረጃ፣ 60 ኪሎ ሁለተኛ ደረጃ።

አሁን በትክክል እናስላው። 140 በ90 ሲባዛ 12,600 ብር ነው። 60 በ60 ሲባዛ 3,600 ብር ነው። ድምሩ 16,200 ብር፣ ክብደቱ 200 ኪሎ። ስለዚህ ድብልቁ በኪሎ የፈጀው 81 ብር ነው እንጂ 75 አይደለም። በ90 ብር ስትሸጠው 18,000 ብር አገኘች፤ ትርፏ 1,800 ብር ብቻ ሆነ። ለ20 በመቶ መሸጥ የነበረባት በ97.20 ብር ነው። ያኔ 3,240 ብር ታተርፍ ነበር። 1,440 ብር የወሰደባት ሌባ ሳይሆን ያቺ የማካፈል መስመር ናት።

ለሁለት ማካፈል የሚሠራው የሁለቱ ኪሎ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ኪሎ አልኩ፣ ብር አላልኩም! አንዱ «ሁለቱንም እኩል ነው የገዛሁት» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ለካ እኩል ያለው ገንዘቡን ነው፤ ለየደረጃው 9,000 ብር አውጥቷል። በዚህ ገንዘብ ከባለ 90 ብሩ 100 ኪሎ፣ ከባለ 60 ብሩ 150 ኪሎ ይመጣል። 18,000 ለ250 ሲካፈል 72 ብር ነው። እሱ 75 ብሎ ስለተነሳ 90 ብር ለጠፈ፤ የሚበቃው 86.40 ነበር። እሱ ጋ የጎደለው ትርፍ ሳይሆን ገዢ ነው። ስለዚህ ድብልቃችሁ ያለወጉ ተወዶ ከቆመባችሁም ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

በኤክሴል የምትሠሩም አላመለጣችሁም። ኪሎው `A`፣ ዋጋው `B` ላይ ካለ፣ የመጀመሪያው መስመር ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ልክ፦

```
=AVERAGE(B2:B3)
=SUMPRODUCT(A2:A3,B2:B3)/SUM(A2:A3)
```

በቃል ለመፈተሽ ደግሞ የዋጋ ልዩነቱን ውሰዱ። 90 ሲቀነስ 60፣ 30 ብር ነው። ውዱ ከድብልቁ 70 በመቶ ስለሆነ የ30ው 70 በመቶ 21 ነው። 60 ላይ 21 ሲጨመር 81። ውጤቱ ብዙ ኪሎ ወዳለው ዋጋ ካላጋደለ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ምልክት፦ የመግዣው ስሌት ልክ ነው፣ ሸሪካችሁ ግን ትርፉ አነሰ ይላል።

እሱ 20 በመቶ የሚለው ከመሸጫው ነው፣ እናንተ ከመግዣው። ከመሸጫው ከሆነ 81 በ1.20 አይባዛም፤ ለ0.80 ይካፈላል። 101.25 ብር ይመጣል። ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት ከየትኛው እንደሆነ ተነጋገሩ።

ምልክት፦ ስሌቱ ሁሉ ልክ ነው፣ ገንዘቡ ግን ጥቂት ይጎድላል።

እህሉ ሲበጠር አቧራና እብቅ ወጥቷል። 200 ኪሎ ገብቶ 196 ከወጣ፣ የምታካፍሉት ለ196 ነው። 16,200 ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 19,440 ነው፤ ይህ ለ196 ሲካፈል 99.18 ብር ይሆናል። በ97.20 ከሸጣችሁት 389 ብር ገደማ ከትርፋችሁ ሄዷል። እባካችሁ ካበጠራችሁ በኋላ ሳትመዝኑ ዋጋ አትቁረጡ። ማስጫኛና ማውረጃም ካለ ሳታካፍሉ በፊት 16,200ው ላይ ይደመር።

አልፎ አልፎ ደግሞ በጣሳ እየሰፈሩ የሚቀላቅሉ አሉ። የሞላ ፍሬና የቀጨጨ ፍሬ በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝኑም። ሰባት ጣሳ በሦስት ጣሳ ማለት 70 ኪሎ በ30 ኪሎ ማለት አይደለም። ሁለቱንም ለየብቻ ሚዛን ላይ አውጡ፣ ኪሎውን ጻፉ፣ ከዚያ ቀላቅሉ። አንዴ ከተቀላቀለ መልሶ የሚለየው የለም።