የተከፈላችሁ ትርፍ የማን ብር ነው?
«ገንዘባችሁን እኛ ጋ አስገቡ፣ በወር 20 በመቶ እንከፍላለን» የሚል ሲመጣባችሁ 100ን ለ20 አካፍሉ። 5 ይመጣል። እስከ አምስተኛው ወር የሚሰጣችሁ ብር የራሳችሁ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ያየሁት ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ቤት ነው። 200 ሺህ ብር ሊያስገቡ ተነስተው ነበር። ጓደኛቸው ሦስት ወር ሙሉ 40፣ 40 ሺህ ሲቀበል አይተዋላ! ልጃቸው አልተቆጣችም። የመብራት ደረሰኝ ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች።

«አባዬ፣ ጓደኛህ የሰጠው 200፣ የተቀበለው 120 ሺህ። ገና 80 ሺህ የራሱ ብር እዚያው ነው። ትርፍ የምትለው የቱን ነው?»

ዝም አሉ።

«ደግሞ ባንክ ለዓመት የሚጠይቀውን ወለድ እነሱ ለአንድ ወር የሚከፍሉህ ለምንድን ነው? ከባንክ አይበደሩም?»

ቡናቸው ቀዘቀዘ።

አምስተኛው ወር ቢያልፍም ግን አትመኑ፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፈለው አዲስ ከሚገቡ ሰዎች ኪስ ሊሆን ይችላል። ስሌቱን ለባንክ ቁጠባ አታውሉት። በዓመት 7 በመቶ ከሆነ 14 ዓመት ገደማ ይወጣል፤ ግን ከቁጠባ ደብተር ዋናውን ገንዘብ በፈለጋችሁ ቀን ታወጣላችሁ። ለጎረቤቴ የቀረበላቸው ውል ግን «ዋናው ከአንድ ዓመት በፊት አይመለስም» ይላል።