«ና» ሲልህ አትሂድ

ከምሠራበት ከጀርመን ለእረፍት ደሴ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እህቴ ቤት ቡና እየተፈላ፣ አቦሉ ገና ሳይቀዳ ስልኬ ጮኸ። ጀርመን ከገባ አራት ወሩ የሆነ የጎረቤት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሰውየው ጠልቶኛል» አለኝ። የትኛው ሰውዬ? አብሮት መጋዘን የሚሠራው። ምን አደረገህ? «ጠዋት ሰላም ስለው ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። ‹ሞርገን› ይልና ዝም።»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ እኔም አላውቅም። ከእንግዲህ ለሚደውል ሁሉ ይህን ጽሑፍ እልካለሁ፤ ቡናዬ እየቀዘቀዘ አላወራም።

የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሰርቪስ ላይ «እንዴት አደርክ» ማለት ከጀመረ፣ የልጆቹን፣ የእናቱን፣ የታመመውን አጎት ጤና ጠይቆ ሳይጨርስ ሐረጎን ወርዶ ያልቃል። «ሞርገን» ግን በቃ ሙሉ ሰላምታ ነው። «ጉተን ሞርገን» አጥሮ ነው። ተቆርጦ የቀረብህ ነገር የለም። አንተም «ሞርገን» በልና መንገድህን ቀጥል።

አሁን እኔ ወደወደቅኩበት ጉድጓድ ልምጣ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሸምገል ያለ የሥራ ባልደረባዬ ከሩቅ አየኝና አገጩን ቀና አድርጎ «ና?» አለኝ። እኔ የወሎ ልጅ፣ ታላቅ ሲጠራ ይኬዳል ብዬ ያደግኩ፣ የያዝኩትን ካርቶን አስቀምጬ ሄድኩ። ፊቱ ቆምኩ። አየኝ። አየሁት። «ምን ልርዳህ?» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ዞረ። በማግስቱም «ና?» አለኝ። ደግሜ ሄድኩ፤ አሁንም ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላ። እንደ ተላላኪ ጠርቶኝ መልሶ የሚተወኝ ሆን ብሎ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነፈግኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባጠገቡ ስገባ ስወጣ አፌን አልከፈትኩም።

ለካ «ና» በእነሱ ቋንቋ ሰላምታ ናት! ድምፁ መጨረሻ ላይ ከፍ ካለ «እህ፣ እንዴት ነህ?» እንደማለት ነው። የሚሏትም ለሚቀርቡት ሰው ነው። መልሱ ያው «ና» ነው፤ ወይም «ጉት፣ ኡንት ዲር?» ብትል ይበቃል። ሰውየው ወዶኝ ኖሯል። የፈረቃ አለቃችን ጠርቶ «ባልደረባህ ምን አስቀይሜው ይሆን እያለ ነው» ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እዚያ አገር ሰላምታ ማሳጠር ነውር አይደለም። የሚገባ ሰው ሰላም ሳይል ማለፉ፣ የተሰጠውን አለመመለሱ ነው ነውሩ። ባለጌው እኔ ነበርኩ። ያውም የሙከራ ጊዜዬ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱኝ በሚችሉበት ወቅት።

መንግሥታቸው 600 ሰዓት ቋንቋ ያስተምራል። ስለ ፓርላማቸው አሠራር ሳይቀር ተፈትኛለሁ። ይህቺን በእነሱ አጻጻፍ ባለሁለት ፊደል የሆነች «ና» ግን አንድም አስተማሪ አልነገረኝም።

ሌላው ደግሞ ድግግሞሽ ነው። ጠዋት ሰላም ያልከውን ሰው አሥር ሰዓት ላይ ኮሪደር ስታገኘው እንደገና «ሃሎ» ብትለው «ዛሬ ተያይተናል እኮ» ሊልህ ይችላል። እኛ ጆሮ ላይ ስድብ ነው። እሱ ግን ሒሳቡ ተዘግቷል እያለህ ነው። ለሁለተኛው ጊዜ ራስ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። እኔ ለምጄው አሁን ፒያሳ ላይ አክስቴን ለሁለተኛ ጊዜ ሳገኛት አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ። «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» አለችኝ።

እኩለ ቀን ገደማ «ማልሳይት» ቢሉህም ምሳ ሊጋብዙህ አይደለም። «ማልሳይት» ብለህ እለፍ።

ልጁን ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ሰውየው ሌሎቹን እንዴት ነው ሰላም የሚላቸው?» ትንሽ አሰበ። «እነሱንም ‹ሞርገን› ነው።» «ሥራ ሲጠፋህ ያሳይሃል?» «አዎ፣ ስካነሩን ያስተካከለልኝ እሱ ነው።» እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ? እኔ ስካነሬን የሚያስተካክልልኝን ዝምተኛ ከሚያቅፈኝ ወሬኛ እመርጣለሁ።

ሌላውን ሁሉ እያሳቀ አንተን ብቻ በተደጋጋሚ የሚዘል፣ በስምህ ወይም በቆዳህ የሚቀልድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህን ባህል ነው ብለህ አትዋጠው። እዚያው አትጩህ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና ማን አጠገባችሁ እንደነበር ማታ ቤትህ ገብተህ ጻፍ። ከዚያ ለአለቃህ ተናገር። መሥሪያ ቤትህ የሠራተኞች ምክር ቤት ካለው «ቤትሪብስራት» ይባላል፤ እዚያም ሂድ። በፈረንጆች 2006 የወጣው የእኩልነት ሕጋቸው አቤት የማለት መብት ይሰጥሃል። «ፊቱን አጠቆረብኝ» ብለህ ብቻ ከሄድክ ግን የሚጽፉልህ ነገር የለም፤ ቀንና ቃል ይዘህ ሂድ።